«ቤተሰብ አግዛለሁ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ያለ ሥራ

በያዝነው ክረምት መግቢያ ላይ ለዘገባ በሄድኩበት አንድ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ደጋማ ቀበሌ፣ የአንድ ድንች አምራች አርሶ አደር ልጅ የማመልከቻ ደብዳቤዋን አይቼ አስተያየት እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ልጅቱ በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች። ለሁለተኛ ዲግሪ የነፃ ትምህርት ዕድል ልትወዳደር ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ሲሆን ለግብርና ጥልቅ ፍቅር እንዳላት፣ ትጉህ እንደሆነች፣ በቡድን መሥራት እንደምትችልና አገሯን ማገልገል እንደምትፈልግ ይገልጻል። የሥራ ልምድ በሚለው ክፍት ቦታ ላይ ግን «የለም» የሚል ቃል ብቻ ሰፍሯል።

«ከተመረቅሽ ወዲህ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» አልኳት።

«ምንም አልሠራሁም ጋሼ፤ ሥራ አላገኘሁም። ቤተሰብ ነው የማግዘው።»

አባቷ ከአጠገባችን ቁጭ ብለው ለተከላ የተዘጋጀ የዘር ድንች እየለዩ ነበር። ቀና ብለው «የዚህን ዘር ነገር ያመጣችው እሷ አይደለችም እንዴ?» ሲሉ ጣልቃ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ታሪክ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

በአካባቢው እንደተለመደው ቤተሰቡ ትልልቁን ድንች ለገበያ አቅርቦ ትንንሹን ለዘር ያስቀምጥ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ድንች ትንሽ የሚሆነው አንዳንዴ ተክሉ ስለታመመ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ትንሹን እየመረጡ መትከል፣ ሳይታወቅ በሽታውን እየመረጡ ከመትከል አይለይም። ማሳው ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ አርሶ አደሩ ግን «መሬቱ ሰለቸ» ይላል። ልጅቱ የመጨረሻ ዓመት ትምህርቷን ከመጀመሯ በፊት በነበረው ክረምት ለዕረፍት ስትመጣ፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ የመከሯትን ዘዴ በአባቷ የአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር ገደማ) ማሳ ላይ ሞከረችው።

ዘዴው ገንዘብ አይጠይቅም። ድንቹ ማበብ ሲጀምር፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ፣ በመስመሮቹ መካከል እየተመላለሱ ጥሩ ቁመና ያለውን፣ ቅጠሉ ያልተጠቀለለና ያልተዥጎረጎረ፣ ጎረቤቱም ያልጠወለገ ተክል መርጦ አጠገቡ ችካል መትከል ነው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ምልክት የተደረገባቸውን መፈተሽና በመሀል የታመመ ካለ ችካሉን መንቀል ያስፈልጋል። በቁፈራ ጊዜ ምልክት ያለው ተክል ከሌላው በፊት ለብቻው ይወጣል። ከሥሩ የወጣው ጥቂት ወይም ቅርጹ የተበላሸ ከሆነ እሱም ከዘርነት ይቀራል። ይህ አሠራር በሽታን ይቀንሳል እንጂ ዘሩን ፍጹም ንጹሕ አያደርግም። የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በማሳው ውስጥ ካለ ጤናማ የሚመስለውም ተክል ሊሸከመው ስለሚችል፣ ያ ማሳ ለዘር ባይውል ይሻላል።

በመጀመሪያው ክረምት 300 ያህል ተክሎች ላይ ችካል ተከለች። ከእነርሱ ለዘር የሚሆን ወደ 1,800 የሚጠጋ ድንች አገኘች። ይህ ደግሞ ለጥማዱ አይበቃም። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ሲተከል አንድ ሩብ ሄክታር 11 ሺህ ያህል ተክል ይይዛል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት የተመረጠውን ለብቻው በማሳው ጥግ ተክላ አበዛችው፤ በሦስተኛው ዓመት ማሳው ከሞላ ጎደል በዚሁ ዘር ተሸፈነ። ዘሩ ከመኸር እስከ ተከላ የሚቆየው በቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን ብርሃንና ነፋስ በሚያገባ ከቀርከሃ በተሠራ መደርደሪያ ላይ ነው። እንዲህ ሲቀመጥ ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይወጣል። መደርደሪያውን የሠሩት አባቷ ናቸው፤ በየሳምንቱ እየዞረች የበሰበሰውን የምታወጣው ግን እሷ ናት።

ሥራውን ከጀመረችበት ዓመት ማሳው 28 ጆንያ ሰጥቶ ነበር። በሦስተኛው ዓመት 37 ጆንያ ሆነ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሠራች ልጅ «የለም» ብላ የጻፈችው ለምንድን ነው? ትሕትና አይመስለኝም። በእኛ ዘንድ «ሥራ» የሚባለው ደመወዝና ማኅተም ያለው ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የቅጥር ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲገለጽ ይጠየቃል። በዚያ መለኪያ የአባት ማሳ ላይ የዋለ ክረምት አይቆጠርም። ይህን ደንብ አልቃወምም። ዓመት የሚቆጠርበትን ሣጥን በቤተሰብ ሥራ እንሙላ ቢባል የማይጻፍ ነገር አይኖርም። ነገር ግን ለትምህርት ዕድል የሚጻፍ ደብዳቤ የቅጥር ቅጽ አይደለም። የሚያነቡት መምህራን ማወቅ የሚፈልጉት አመልካቹ ልንማረው ነው የሚለውን ነገር በእጁ ነክቶት እንደሆነ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2026 ለሚገቡ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው ራሱ በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ ሦስተኛው ጥያቄ ከትምህርት ቤት ውጪ ለዚህ ሙያ የሚያዘጋጅ ምን እንደሠራህና ለምን እንደጠቀመህ በግልጽ ይጠይቃል።

ደብዳቤውን አብረን ስናስተካክለው የመጀመሪያው ረቂቋ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጠርዝ ሄደ። «የአንድ እርሻ ሥራ አስኪያጅ በመሆን ምርታማነትን በ32 በመቶ አሳድጌያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ 28 ወደ 37 ሲያድግ ያን ያህል ነው። ግን ሙያውን የሚያውቅ ጠያቂ ወዲያው «ጆንያውን መዝነሽዋል? ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም?» ማለቱ አይቀርም። አልተመዘነም። በዚያ ላይ በሦስተኛው ክረምት አባቷ ቅጠሉን የሚያጠቁረውን የዝናብ ወቅት በሽታ ለመከላከል ሁለት ጊዜ ፀረ ፈንገስ ረጭተዋል፤ ከዚያ በፊት አልረጩም ነበር። ከዘጠኙ ጆንያ ስንቱ ከዘሩ፣ ስንቱ ከርጭቱ፣ ስንቱ ከዝናቡ እንደመጣ ማንም አያውቅም።

በመጨረሻ የቀረው አንቀጽ ይህ ነው፦

«በቤተሰቤ ሩብ ሄክታር የድንች ማሳ ላይ በተከታታይ ሦስት ክረምት የዘር መረጣ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት 300 ያህል ጤናማ ተክሎችን በአበባ ጊዜ ምልክት አድርጌ ምርታቸውን ለብቻ አከማቸሁ፤ በሁለተኛው ዓመት አበዛሁት፤ በሦስተኛው ዓመት ማሳው በዚሁ ዘር ተሸፈነ። ምርቱ በጆንያ ቆጠራ ከ28 ወደ 37 ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት ፀረ ፈንገስ ስለተረጨ ጭማሪው ከዘሩ ብቻ ነው ማለት አልችልም። የተከላ ቀንና የርጭት ውሳኔ የአባቴ ነበር፤ መረጣው፣ ቆጠራውና የክምችት ክትትሉ የእኔ ነበር። የአንዱን ምክንያት ውጤት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል የመስክ ሙከራ አሠራር መማር እፈልጋለሁ።»

ልብ በሉ፣ «ለግብርና ፍቅር አለኝ» የሚለው ወጥቷል፤ ማንም ግን አልናፈቀውም። የራሷንና የአባቷን ውሳኔ መለየቷ ያሳነሳት መስሏት ነበር። እኔ ግን ጽሑፉን ተአማኒ ያደረገው እሱ ነው ባይ ነኝ። አልችልም ያለችው ነገርም ለምን መማር እንደፈለገች ከሁሉ የተሻለ አድርጎ የሚያስረዳ ሆነ።

የሱቅ ልጆችም ነገር ከዚህ አይለይም። እናቱ በገጠር ከተማ ሱቅ ያላቸው የንግድ ሥራ ተማሪ «ሱቅ እጠብቃለሁ» ይላል። ሱቁ ውስጥ ግን የዱቤ ደብተር አለ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ጨው፣ ሳሙናና ዘይት በዱቤ ይወጣል፤ ገንዘቡ እህል ተወቅቶ ሲሸጥ በታኅሣሥና በጥር ይገባል። በእነዚያ ወራት መደርደሪያው ባዶ የሚሆነው ገበያ ጠፍቶ ሳይሆን ገንዘቡ ደብተሩ ውስጥ ስለተኛ ነው። ያ ልጅ ለአንድ ደንበኛ አንድ ገጽ ከፍቶ፣ ከስንት ብር በላይ ዱቤ እንደማይሰጥ ከእናቱ ጋር ወስኖ፣ በጥር ያልተከፈለውን ቆጥሮ ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ የሚማረውን የተሰብሳቢ ሒሳብ አስቀድሞ ሠርቶታል። መጻፍ ያለበትም እሱን ነው። የደንበኞቹን ስም ግን አይጻፍ።

አሁን ወደ ቀበሌና ወረዳ ባለሙያዎች ልመለስ። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው አብዛኛውን ጊዜ «የቀበሌያችን ነዋሪ መሆኗንና መልካም ሥነ ምግባር ያላት መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ነው። ይህ ስለ ሥራው የሚናገረው አንድም ነገር የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ለዘመድ ተብሎ «የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ አላት» የሚል ወረቀት ማኅተም ሲመታበት ይታያል። ይህኛው የባሰ ነው፤ አንዱ ሐሰት ሲገኝ ከዚያ ወረዳ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ይጠረጠራል። የልማት ሠራተኛው ማሳውን በዓይኑ ካየ፣ ምን ሰብል፣ በምን ያህል መሬት፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት፣ እሱ ራሱ ምን እንዳየ በሦስት መስመር ቢጽፍ ይበቃል። ያላየውን አልጽፍም ቢል ደግሞ ልክ ነው።

ለወላጆችም አንድ ነገር አለኝ። ልጅ በማሳው ላይ የራሱ የሆነ ውሳኔና አንድ ደብተር ከሌለው፣ በኋላ የሚጽፈው ቁጥር የግምት ነው የሚሆነው። የዚህች ልጅ 28 እና 37 የተገኘው አባቷ ጆንያ በቆጠሩ ቁጥር እሷ ደብተር ላይ ስለጻፈች ነው።

ደብዳቤው ተልኳል፤ የልማት ሠራተኛውም ያዩትን ጽፈው ፈርመዋል። መልሱ ገና አልደረሰም። ዘንድሮ ከማሳው መሀል አራት መስመር ከጎረቤት በተገዛ ያልተመረጠ ዘር ተተክሏል፤ ርጭቱም፣ ማዳበሪያውም፣ የተከላ ቀኑም ከቀሪው ጋር አንድ ነው። በጥቅምት ቁፈራ ሲደርስ አራቱን መስመርና ከጎናቸው ያሉትን አራት መስመሮች ለየብቻ ለመመዘን ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ለመዋስ ተነጋግራለች።