የቅናሽ ገደብ በስልክ ቁጥር ወይስ በሰሌዳ? ከነዳጅ ድጎማ የሚወሰድ የንድፍ ትምህርት

በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ36.87 ብር ወደ 47.83 ብር ሲያድግ፣ መንግሥት ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ የታለመ ድጎማ ጀመረ። ድጎማውም በቴሌብር በሚፈጸም ክፍያ ላይ የሚታሰብ ነበር። በዚህም አንድ ማደያ ለአንድ ዓይነት ነዳጅ ሁለት ዋጋ ማስተናገድ ግድ ሆነበት። ይህ አሠራር በመሠረቱ የቅናሽ ኩፖን ነው፤ ስለዚህም የኩፖን ደንብ የሚነድፍ ሰው የሚገጥሙትን ጥያቄዎች አጉልቶ ያሳያል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ገደቡ በምን ላይ ይታሰር የሚለው ነው። ብዙ የክፍያ ሥርዓቶች ቀላል ሆኖ ስለሚያገኙት በስልክ ቁጥር ያስሩታል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ብዙ ሲም ካርድ ሊይዝ ይችላል። በተቃራኒው፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ ሆሞሻ ባለች ከተማ፣ አንድ ስልክ ለብዙ የቤተሰብ አባላት ሊያገለግል፣ አንዱን ባጃጅም ሁለት ሾፌሮች ሊፈራረቁበት ይችላሉ። በስልክ ቁጥር የታሰረ ገደብ አጭበርባሪውን ያልፈዋል፤ ሐቀኛውን ግን ይከለክለዋል። ገደቡ ሊባዛ በማይችል ወይም ለማባዛት ብዙ ወጪ በሚጠይቅ ነገር ላይ መታሰር አለበት። ለነዳጅ ይህ ነገር ሰሌዳው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቅናሹ ጥቅም ላይ ዋለ የሚባለው መቼ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ባጃጅ የቀን ኮታ 7 ሊትር ነው እንበል። በአንድ ሰሌዳ ሁለት ጥያቄዎች ከሁለት ማደያዎች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱና ሥርዓቱ መጀመሪያ አንብቦ ኋላ የሚቀንስ ከሆነ፣ ሁለቱም «7 ሊትር አለ» የሚል መልስ አግኝተው 14 ሊትር ይቀዳል። መፍትሔው ማረጋገጡንና መቀነሱን በአንድ ትእዛዝ መፈጸም ነው፦

```
UPDATE quota SET remaining = remaining - 7
WHERE plate = :p AND day = :d
  AND remaining >= 7;
```

ትእዛዙ አንድም መዝገብ ካልቀየረ ኮታው አልቋል ማለት ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ቀጂው መልስ ሲዘገይበት ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግዢ የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በዚያው ቁጥር ዳግም የመጣ ጥያቄ አዲስ ቅነሳ ሳይሆን የመጀመሪያውን ውጤት ይመልስ። ክፍያ ሳይፈጸም የቀረ እንደሆነ የተያዘው ኮታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለቀቃል፤ ከመልቀቁ በፊት ግን ገንዘቡ በእርግጥ አለመከፈሉ ከክፍያ ድርጅቱ መረጋገጥ አለበት። አለበለዚያ ዘግይቶ የደረሰ ማረጋገጫ ኮታውን ሁለት ጊዜ ያስበላል።

ሦስተኛው የቅናሾች መደራረብ ነው። ሊትሩ 50 ብር ቢሆን የ7 ሊትር ዋጋ 350 ብር ይሆናል። ድጎማው በሊትር 8 ብር፣ ማደያው በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ኩፖን ደግሞ 10 በመቶ ነው እንበል። ኩፖኑ ከቀደመ ባለ ባጃጁ 259 ብር፣ ድጎማው ከቀደመ 264.60 ብር ይከፍላል። የ5.60 ብሩ ልዩነት የመጣው ከቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ በደንቡ ካልተጻፈ ሁለት ማደያዎች ለአንድ ሰው ሁለት ሒሳብ ያወጣሉ። ተገቢው ድጎማውን ማስቀደም ነው፤ ማደያው የሚቀንሰው ደንበኛው ከኪሱ ከሚያወጣው ላይ ሊሆን ይገባልና። አጠቃላይ ቅናሹ ከ20 በመቶ፣ ማለትም ከ70 ብር እንዳይበልጥ ከተወሰነ፣ የሚቆረጠው ኩፖኑ ይሁን እንጂ ድጎማው አይሁን። ድጎማው 56 ብር፣ ኩፖኑ 14 ብር ይሆንና ሰውየው 280 ብር ይከፍላል። ኩፖኑ ለምን እንዳነሰም በደረሰኙ ላይ ይጻፍለት፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ደንበኛ ማደያው እንዳታለለው ይቆጥራልና።

ሆኖም ከክፍያው በኋላ ያለውን ይህ ደንብ አያይም። በቅናሽ የተቀዳ ነዳጅ ወደ ጀሪካን ተገልብጦ ቢሸጥ ሰሌዳውም ኮታውም ትክክል ሆነው ይታያሉ። የማጭበርበሩ ምንጭ የሁለቱ ዋጋዎች ልዩነት ስለሆነ፣ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ፈተናው ይጨምራል። አንድ ባጃጅ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ወሩን ሙሉ ኮታውን ቢጨርስ ምልክት ነው። ምልክት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ተግቶ የሚሠራ ሾፌርም መዝገቡ ይህንኑ ይመስላል። ስለዚህ ሥርዓቱ መዝገቡን ለሰው ምርመራ ያቅርብ እንጂ ቅናሹን በራሱ አይከልክል። በስህተት የተከለከለ ሾፌር የዕለት ገቢውን ያጣል፤ በስህተት ያለፈ 7 ሊትር ግን በቀጣዩ ምርመራ ሊደረስበት ይችላል።