ከጅራቱ አትቁረጡት

ባለፈው ሳምንት ከዋጃ ተደወለልኝ። የደወለው የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ነው። መምህር ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ከአባቱ ጋር ሽንኩርት ያለማል። «ጋሼ፣ አጎቴ ሰላምታ ከለከለኝ» አለኝ። ምን አድርገኸው ብለው ለካ አንድ ጋዜጣ ላይ አስተያየት ጽፎ ወጥቶለታል። አጎቱ ደግሞ የሽንኩርት ደላላ ነው። ጋዜጣውን ያየ ሁሉ «የገዛ እህቱ ልጅ አዋረደው» ሲል ሰንብቷል። ልጁ ግን የጻፈው ስለ ደላላ እንዳልሆነ ይምላል።

ረቂቁንም የታተመውንም አስልኬ ጎን ለጎን አነበብኳቸው። ረቂቁ 11 አንቀጽ ነው፤ የታተመው 8። አዘጋጁ ቦታ ሲጠበው የመጨረሻዎቹን 3 አንቀጾች ቆርጦ ጥሏቸዋል። ልጁ ሊል የፈለገው ነገር ያለው 10ኛው አንቀጽ ላይ ነበር። ደሜ ፈላ።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከዚህ አቆራረጥ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ዜና ከጅራቱ ይቆረጣል፤ ይህ ትክክል ነው። ዜና ሲጻፍ ዋናው ነገር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች 3 አንቀጽ ቢነሣ አንባቢ የሚያጣው ትንሽ ነው። ፊደል በእርሳስ ይለቀም በነበረበት ጊዜ ከዓምዱ ግርጌ መቀነስ ለሠራተኛውም ቀላል ነበር። አስተያየት ግን እንደ ዜና አይጻፍም። በተለይ እኛ ስንጽፈው ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና ብሶቱን አስቀድመን፣ ዋናውን ቃል እንደ ዓረፍተ ነገራችን ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ እናኖረዋለን። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከጅራቱ የሚቆርጥ አዘጋጅ ማሰሪያውን ነው የሚበጥሰው። ይህን ስል «ታዲያ ጸሐፊው አስቀድሞ ይጻፈዋ!» የሚሉኝ አዘጋጆች አሉ። እሱን ለጸሐፊው ይንገሩት እንጂ በመቀስ አይቅጡት።

ይሁን እንጂ ልጁም ያለ ጥፋት አይደለም፤ ይህንኑ ነገርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በስልክ ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ረቂቁን ገመገምን።

መጀመሪያ ያስደረግሁት ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፊደልና ነጥብ ማረም ከለከልሁት። በእያንዳንዱ አንቀጽ ህዳግ ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ነው የጠየቅሁት፤ ይህ አንቀጽ ምን ይላል? ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ከፈለገ አንቀጹ ሁለት ነገር ይዟል ማለት ነው። ምንም መጻፍ ካቃተው ደግሞ አንቀጹ ባዶ ነው። ከዚያ ጽሑፉን ትቶ የህዳጉን 11 መስመሮች ብቻ አነበበልኝ።

1ኛው የራያን ምድር ያመሰግናል። 2ኛው ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽንኩርት እንዴት እንደተጀመረ ይተርካል። 3ኛው ዋጋ ወርዶ ገበሬው መክሰሩን፣ 4ኛው ደላላው መጠቀሙን ይናገራል። 5ኛው ሳይለቀም የቀረ የሽንኩርት ማሳ ላይ ከብት የለቀቀ ጎረቤት ታሪክ ነው፤ ገበሬው ከስሯል። 6ኛው የዘር፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ወጪ ነው፤ ገበሬው ከስሯል። 7ኛው የጉድጓዱ ውሃ በተራ እንደሚዳረስ ይገልጻል። 8ኛው «ከላይ እንደገለጽኩት» ብሎ ኪሳራውንና ደላላውን ይደግማል። 9ኛው ሁሉም ሰው ችግኙን በአንድ ሰሞን ስለሚያዛውር ሽንኩርቱ በአንድ ሰሞን እንደሚደርስ ያስረዳል። 10ኛው፣ ውሃው በተራ እንደሚዳረስ ሁሉ ተከላውም በተራ ይሁን ይላል። 11ኛው «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ይላል።

ሲጨርስ ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ አራት ጊዜ ከስሯል ብያለሁ» አለ።

ድግግሞሽን የምናይበት መንገድ ይሄ ነው። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ መምጣቱን ብቻ የሚያድን ገምጋሚ ዋናውን ይስታል፤ ቃሉ ተቀይሮ ሐሳቡ ባለበት የቆመውን አያይም። ልጁ አንዴ «ከሰረ»፣ አንዴ «እጁን አጨብጭቦ ቀረ»፣ አንዴ «ላቡ መና ቀረ» ብሏል። ዓይን አይይዘውም፤ የህዳጉ መስመር ግን ይይዘዋል። ደግሞ ሁሉም ድግግሞሽ ጥፋት አይደለም። የ5ኛው አንቀጽ ኪሳራ ከ3ኛው ይለያል፤ 3ኛው ስለ ኪሳራ ያወራል፣ 5ኛው ያሳያል፤ ማሳው አለ፣ ከብቱ አለ፣ አጥሩን የከፈተው ሰው አለ። የሚያሳየውን አቆየን፤ የሚያወራውን አወጣን። ወጪው ግን ከኪሳራው የተለየ መረጃ ስላለው በአንድ አጠር ያለ አንቀጽ ቀረ። ለራሳችሁ ጽሑፍ አንድ ምልክት ልስጣችሁ፤ «ከላይ እንደገለጽኩት» የሚል ሐረግ ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ጸሐፊው መድገሙን ራሱ እየመሰከረ ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ መጣ። አንቀጾቹን በመቀስ ለያይቶ መደቡ ላይ እንዲደረድራቸው ነገርሁት። ነፋሱ እንዳይወስዳቸው በየወረቀቱ ላይ ጠጠር ሲያስቀምጥ በስልክ ይሰማኝ ነበር። 5ኛውን አንስቶ መጀመሪያ ላይ አደረገው፤ ከብት የተለቀቀበትን ማሳ። ከሥሩ 10ኛውን አስቀመጠ፤ የራሱን ሐሳብ። ከዚያ 9ኛውን፤ ምክንያቱን። ችግኝ መደብ ላይ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ያህል ቆይቶ ይዛወራል፤ ከተዛወረ በኋላ ሦስት ወር ከምናምን ነው የሚፈጀው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ያዛወሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይነቅላሉ፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ሽንኩርት ብዙ አይቀመጥም። ይህ ስሌት 9ኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ማንም አላየውም።

7ኛውን ወደ 4ኛ ቦታ ሲያመጣው አንድ ነገር ተሰበረ። አንቀጹ በዋናው ረቂቅ ላይ «ይህ ግን መፍትሔ አለው» ብሎ ይጀምራል፤ «ይህ» ያለው በ6ኛው ያለውን ወጪ ነበር። አሁን ከምክንያቱ በኋላ ሲመጣ የተከላው መገጣጠም ሆነ። እዚህ ላይ በአጋጣሚ ተሻለ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይቀናም። አንቀጽ ሲዘዋወር «ይህ»፣ «እነዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ስለዚህ» የሚሉት ቃላት ከአሮጌው ጎረቤታቸው ጋር ታስረው ይመጣሉ፤ በአዲሱ ቦታ ሌላ ነገር ያመለክታሉ፤ አንባቢም ጸሐፊው ያላለውን ያነባል። ስለዚህ ከድርደራ በኋላ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ለብቻው አነበብን፤ «ይህ ማለት ምን ማለት ነው?» እያልሁ ጠየቅሁት።

1ኛው አንቀጽ ላይ ተጣላን። «ጋሼ፣ አገሬን ሳላመሰግን እንዴት ልጀምር?» አለ። ገባኝ። እኔም እዚያው ተወልጄ ማሽላው ሲያሸት፣ ጎርፉ ከተራራው ወርዶ በጠለፋው ወደ ማሳ ሲገባ አይቻለሁ። ግን ምስጋናው ለክርክሩ ምንም አልጨመረም። ከምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀርተን ሌላውን አወጣን። ሲሰርዘው ድምፁ ቀዝቀዝ አለ፤ እኔም አዘንሁ።

የመጨረሻው «የሚመለከተው አካል» ነበር። ማነው? ብዬ ጠየቅሁት። «ወረዳው… ግብርና… ሁሉም» አለ። ውሃውን በተራ የሚያዳርሰውስ ማነው? «የጉድጓዱ ውሃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ።» ታዲያ ተከላውን በተራ ማድረግ የሚችለው ማነው? ዝም ብሎ ቆየና ሳቀ። «ይገባል» የሚለው ግሥ ባለቤት ሲያጣ ክርክሩም አድራሻ ያጣል። በእኛ ጋዜጦች ስንቱ ጥሩ ሐሳብ «የሚመለከተው አካል» ደጃፍ ላይ ወድቆ እንደቀረ ባስብ ያንገበግበኛል።

እዚህ ላይ የጨረስን መስሎኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የድሮ ሰዎች በበላ ልበልሃ ሙግት ሲቆሙ ተሟጋቹ ፊት ለፊት ቆሞ «ተጠየቅ» ይላቸው ነበር። የእኛን ጽሑፍ ማን ጠየቀው? እኔና ልጁ አንድ ወገን ነን። «ለአጎትህ አንብብለት» አልኩት። ፈራ። ማክሰኞ ዕለት ግን ሽማግሌ ይዞ ሄደ፤ ታረቁ፤ አነበበለት።

አጎቱ ራሱ ደወለልኝ። ስለ ስድቡ አንድም ቃል አላነሣም። «አሁን ገባኝ» አለኝ፣ «ግን አንድ ነገር ስታችኋል። አይሱዙ ካልሞላ ነጋዴ አይመጣም። እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቢነቅል መኪናውን በምን ልሞላው ነው? ነጋዴው ቆቦ ወይ አላማጣ ላይ ሞልቶ ያልፋል።» ከሁለታችን አንዳችንም ይህን አላሰብንም። በ11 አንቀጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተወቀሰው ሰው የክርክሩን ዋና ክፍተት በአንድ ትንፋሽ አሳየን። መልሱም ከእሱው ነው የመጣው፤ ተራው በሰው ሳይሆን በቡድን ይሁን፤ በአንድ ዙር የሚተክሉት ሰዎች ብዛት ቢያንስ አንድ መኪና የሚሞላ ይሁን። አንቀጾችን በማዘዋወር ብቻ ይህን ልናገኘው አንችልም ነበር፤ ድርደራ ያለውን ያጠራል እንጂ የሌለውን አያመጣም።

ስለ ደላላው የነበረው 4ኛ አንቀጽ ወጥቶ በምትኩ የአጎቱ ጥያቄና መልሱ ገባ። ጽሑፉ አሁን 7 አንቀጽ ነው፤ ማሳው፣ ሐሳቡ፣ ምክንያቱ፣ የውሃው ተራ፣ የመኪናው ጥያቄ፣ ወጪው፣ በመጨረሻ ለኮሚቴው የቀረበ ጥያቄ። ቋንቋው የልጁ ነው፤ እኔ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፍሁለትም።

ሰኞ ለዚያው ጋዜጣ መልሶ ይልከዋል። አዘጋጅ ሆይ፣ ይህን ካነበብህ፣ ቦታ ቢጠብህ ለልጁ ደውልለት፤ ወጪውን የያዘውን 6ኛውን አንቀጽ ራሱ ይቀንስልሃል። 2ኛውን ግን እባክህ እንዳትነካው።