የጥምቀት ሳምንት ኪራይ በ52 አይባዛም

ጎንደር ላይ የባንክ አክሲዮን የሚያሻሽጡ ሰዎች አዲስ ቋንቋ ለምደዋል። «ፒ/ኢው ሦስት ነው፤ በሦስት ዓመት ብርህን ትመልሳለህ» ይላሉ። ይህ ሒሳብ መስሎ የቀረበ ማባበያ ነው።

ፒ/ኢ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ለአክሲዮኑ ዓመታዊ ትርፍ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ፒያሳ ሱቅ የሚገዛ ነጋዴም ዋጋውን ለዓመት ኪራይ ያካፍላል። ስሌቱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ «ትርፍ» የተባለውን ሳይፈትሹ መቀበል ነው። በጥምቀት ሳምንት የአልጋ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አይታችኋል። ያን ኪራይ በ52 አባዝቶ ቤት የሚገዛ ጎንደሬ ግን የለም። ባንክ ሲሆን ለምን እናባዛለን?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው የሚበልጥ ምንዛሪ በእጁ የነበረ ባንክ፣ አንድም ብድር ሳይሰጥ በመዝገቡ ላይ ትርፍ አገኘ። ይህ በ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ውስጥ ገብቷል፤ በየዓመቱ ግን አይደገምም።

እንግዲህ በምሳሌ እንየው። 1,500 ብር የሚጠየቅበት አክሲዮን 500 ብር አተረፈ እንበል፤ ፒ/ኢው 3 ነው። የሒሳብ ማብራሪያውን ስትገልጡ 200 ብሩ የምንዛሪ ለውጥ ያመጣው ሆኖ ተገኘ። ቀሪው 300 ነው፤ ፒ/ኢው 5 ሆነ። ባንኩ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የጠየቀውን 5 ቢሊዮን ብር ካፒታል ለማሟላት የአክሲዮኑን ብዛት በግማሽ ጨመረ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የብድር ዕድገት ጣሪያ ስለተጣለ አዲሱ ገንዘብ ቶሎ ወደ ብድር አይለወጥም እንበል። ያው ትርፍ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል የአንዱ ድርሻ 200 ብር ይሆናል፤ ፒ/ኢው 7.5 ደረሰ። ይህም ትርፉ በሙሉ ኪሳችሁ ከገባ ነው። አይገባም፤ ሕጉ ከተጣራ ትርፍ 25 በመቶውን መጀመሪያ ለመጠባበቂያ ያስቀምጣል።

ዋጋውስ የማን ዋጋ ነው? ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር አቀረበ፤ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። 300 ብሩ ሻጩ የቆረጠው እንጂ ገዢና ሻጭ ተከራክረው የደረሱበት አልነበረም። በእንዲህ ያለ ዋጋ የተሠራ ፒ/ኢ የሻጩን ምኞት ይለካል።

«እንግዲያው ዋጋውን ከባንኩ የተጣራ ሀብት ጋር እናነጻጽር» የሚሉም አሉ። ይሻላል፤ ነገር ግን የባንክ ሀብት በአብዛኛው ብድር ነው። መንገድ በተዘጋበት፣ ገበያ በተቋረጠበት ደጋ ላይ የተሰጠ ብድር በመዝገብ ሙሉ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አሻሻጩ ሲመጣ ስለ ሦስት ዓመቱ አትከራከሩት። የምንዛሪ ትርፉን፣ የተበላሸ ብድሩንና የተያዘለትን መጠባበቂያ የሚያሳየውን ገጽ አምጣ በሉት።