ሂሳብ ዘጊዎች ሆይ፣ የራሳችሁ መዝገብ የት አለ?

ከሃምሳ የተሻገራችሁ፣ በሂሳብ ሥራ ላይ የሸበታችሁ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ስሙኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በ60 ነው፤ የቀረን ጊዜ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሰኔ 30 የመሥሪያ ቤቱን ሂሳብ ስንዘጋ ደጋፊ ሰነድ የሌለው ክፍያ አናሳልፍም። የራሳችንን ዓመት ግን ጳጉሜ ላይ ቡና እየጠጣን፣ «ዘንድሮ እንኳን ደህና ነበር» ብለን ከትዝታ እንዘጋዋለን። ይህን ነው የማስጠነቅቃችሁ።

ትዝታ ምስክር አይሆንም። ፊሽሆፍ እና ቤይት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ወደ ቻይናና ወደ ሶቭየት ኅብረት ከመጓዛቸው በፊት ተማሪዎችን ከጉብኝቱ ምን እንደሚጠብቁ ግምታቸውን በቁጥር አስጽፈዋቸው ነበር። ጉብኝቱ ካለፈ በኋላ «ያኔ ምን ብላችሁ ነበር?» ሲባሉ፣ ብዙዎቹ የተፈጸመውን ነገር ከጻፉት በላይ አስቀድመው ያወቁት አድርገው አስታወሱት። አልዋሹም፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ የቀድሞ ሐሳባቸው ራሱ ተለወጠባቸው። እኛም ዓመቱን ስንገመግም የምናደርገው ይኸው ነው።

ስለዚህ ግምቱ ቀድሞ ይጻፍ። ፒተር ድራከር በ1999 እ.ኤ.አ. ራስን ስለ መምራት ባወጣው ጽሑፍ ያስተማረው ዘዴ ቀላል ነው፤ ከበድ ያለ ውሳኔ ስትወስኑ የምትጠብቁትን ውጤት ጻፉ፣ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ቆይታችሁ ከሆነው ጋር አስተያዩት። እኔ በዚህ ላይ በየሳምንቱ አርብ የሚጻፉ ሁለት መስመሮችን እጨምራለሁ፤ አንዱ «ባለፈው ሳምንት የማልችለው፣ አሁን ግን የምችለው ምንድን ነው?»፣ ሌላው «የትኛው ሥራ አበረታኝ፣ የትኛውስ አደከመኝ?» የሚል ነው።

አንድ የፋይናንስ ኃላፊ ወዳጄ ደብተሩን አሳይቶኛል። ሹመቱን ሲቀበል ሐምሌ ላይ «እስከ ጥር የክፍያ ሰልፉን አቃልላለሁ፤ ከዚያ የአይኤፍአርኤስን ነገር ጠንቅቄ አጠናለሁ» ብሎ ነበር። በጥቅምት «ቀኑን ሙሉ ፊርማ። ራሴን አመመኝ» ይላል። በኅዳር «ከሁለቱ አዲስ ልጆች ጋር የባንክ ሂሳብ ስናስታርቅ መሸብን፤ አልታወቀኝም» የሚል አለ። የተማርኩት የሚለው መስመር ከታኅሣሥ ጀምሮ ባዶ ነው። ጳጉሜ ላይ ቁጭ ብሎ ሳያነበው በፊት «ዓመቱ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኦዲተሮቹ አደከሙኝ እንጂ ደህና ነበር» አለኝ። ትዝ ያለው የመጨረሻው ሁለት ወር ብቻ ነበር። ደብተሩ ግን የሚያደክመው ፊርማው መሆኑን፣ የሚያነቃው ወጣቶቹን ማሠልጠን መሆኑን፣ ትምህርቱም ገና ዓመቱ ሳይጋመስ መቆሙን አሳየው። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ ሙያችን ምን ያህል እንደተለወጠ ታውቃላችሁ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ባዶ የትምህርት መስመር ቀልድ አይደለም። ወዳጄም አለቃውን አነጋግሮ አነስተኛ ክፍያዎችን ለምክትሉ በውክልና ሰጠና ሐሙስ ከሰዓቱን ለሥልጠና ለየ። ሥራውን ግን አልለቀቀም፤ ልክም አደረገ። የአንድ ዓመት ደብተር ለመልቀቂያ ደብዳቤ በቂ ማስረጃ አይደለም። ድካም ሲደጋገም ደግሞ አስቀድሞ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ማድረግ ነው፤ በእኛ ዕድሜ የሰውነት ሕመም የሥራ ጥላቻ መስሎ ይመጣል።

አደራ የምላችሁ ሌላም አለ። ለመሥሪያ ቤቱ የሞላችሁትን የአፈጻጸም ምዘና ገልብጣችሁ «ይኸው መዝገቤ» አትበሉ። እሱ ለአለቃ የተጻፈ፣ ዕድገትና ደመወዝ ያለበት ወረቀት ነው፤ በዚያ ላይ «ምንም አልተማርኩም» ብሎ የሚጽፍ የለም። ደብተሩ የእሮሮ መዝገብም አይሁን። ገጹን ስትገልጡ «እሱ»፣ «እሷ»፣ «እነሱ» በዝቶ «እኔ» ከጠፋ ስታሙ ከርማችኋል ማለት ነው። የሰው ስም፣ የደንበኛ ሂሳብና የመሥሪያ ቤት ምስጢርም አታስገቡበት፤ ደብተር ይጠፋል።

መዝገቡ ሐሰት መሆኑ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ግምት ስህተት ሆኖ ካልተገኘ፣ ወይ ግምቶቹ በኋላ ተስተካክለዋል፣ ወይ የተገመተ ነገር አልነበረም። የወር ጽሑፍ በአንድ ቀለምና በአንድ የእጅ አጣጣል ከተገኘም በአንድ ምሽት ተሞልቷል፤ ይህን ለማወቅ ለእናንተ አስተማሪ አያሻችሁም፣ የተቀነባበረ ቫውቸር ስትለዩ ኖራችኋል።

ያመለጣችሁን አርብ ባዶ ተዉት፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትሙሉት። ጳጉሜ ላይ ስታነቡ መጀመሪያ ባዶዎቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ ግምቶቹን ከሆነው ጋር አስተያዩ፤ የሚቀጥለውን ዓመት አቅጣጫ የምትጽፉት ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ።