የገበያ ቀን ሽያጭ የዓመት ሽያጭ አይደለም

ግብር በደረጃ የሚከፈል በሆነ ጊዜ፣ ከግብሩ ልክ ይልቅ የደረጃው ምደባ የሚከብድ ነው። የግብሩን ልክ የሚወስነው ሕግ ሲሆን፣ ነጋዴውን ከዚህ ደረጃ ወይም ከዚያኛው የሚያገባው ግን ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ የሚገምተው ሠራተኛ ነውና። ስለዚህ ሕጉ ቅን ሆኖ ሳለ ምደባው የተሳሳተ እንደሆነ፣ ትንሹ ነጋዴ የትልቁን ነጋዴ ዕዳ ተሸክሞ ይገኛል።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር እንዲከፈል አዝዞ ነበር። በዚህ ሥርዓት ጠፉ መሬት ለም ተብሎ በመዝገብ የተጻፈበት ሰው፣ አዋጁ ሳይለወጥበት በአንድ ቃል ብቻ ሦስት እጥፍ ከፋይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያ ቃል በነጋዴው ላይ «ሀ»፣ «ለ» ወይም «ሐ» የሚል ፊደል ሆኖ መጣ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግብር ከፋዩን ደረጃ በጠቅላላ የዓመት ገቢው ለይቶት ነበር። ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ነጋዴ ከደረጃ «ሀ»፣ ከ500 ሺሕ ብር እስከ 1 ሚሊዮን ያለው ከደረጃ «ለ»፣ ከ500 ሺሕ በታች ያለው ከደረጃ «ሐ» ይገባ ነበር። የደረጃ «ሐ» ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ ስለማይገደድ ግብሩ በግምት ይሠራ ነበር፤ የደረጃ «ሀ» ነጋዴ ግን የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ይዞ የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ማቅረብ ግዴታው ነው። እንግዲህ በስሕተት ወደ «ሀ» የወጣ ባለ ትንሽ ሱቅ የሚደርስበት ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ያልያዘውን መዝገብ ተጠይቆ መዝገብ ባለመያዙም መቀጫ ይጨመርበታል።

በ2009 ዓ.ም. ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የዕለት ገቢን በገመቱ ጊዜ ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአምቦና በወሊሶ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት የደረሱት ከዚህ የተነሣ ነበር። የግምቱ መንገድ ቀላል ነው፤ የአንድ ቀን ሽያጭ ተገምቶ በሥራ ቀኖች ቍጥር ይባዛል። ስሕተቱም የሚሰወረው በዚያው በቀላልነቱ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በአርሲ ደጋ በጮሌ ከተማ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና የመሳሰለውን የሚቸረችር አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ገበሬው ስንዴውንና ገብሱን ሸጦ የቤቱን አስቤዛ የሚገዛው በሳምንቱ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ ነጋዴው በዚያ ቀን 4,000 ብር ይሸጣል፤ በሌላው ቀን ግን ከ900 ብር አያልፍም። ገማቹ በገበያ ቀን ደርሶ የሰዉን ግፊያ አይቶ 4,000 ብሩን በ300 የሥራ ቀን ቢያባዛው 1,200,000 ብር ይወጣል፤ ነጋዴውም በዚያ አዋጅ ከደረጃ «ሀ» ይገባል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ 50 የገበያ ቀን በ4,000 ብር 200,000 ብር ይሆናል፤ የቀረው 250 ቀን በ900 ብር 225,000 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 425,000 ብር ነው። ይህም ነጋዴ በዚያው አዋጅ የደረጃ «ሐ» ሰው ነበር።

ስሕተቱን ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያሻም፤ ዕቃው ራሱ ይመሰክራል። በሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ በመግዣው ዋጋ 60,000 ብር ቢሆንና የዓመቱ ሽያጭ በእርግጥ 1,200,000 ብር ቢሆን ኖሮ፣ መደርደሪያው በየ20 ቀኑ ገደማ ባዶ ሆኖ እንደ ገና መሞላት ነበረበት። ሽያጩ 425,000 ብር ከሆነ ግን ዕቃው የሚያልቀው በሁለት ወር ገደማ ነው። ከጅምላ ነጋዴው የመጣው የግዢ ደረሰኝ ሲደመር ለዓመቱ 380,000 ብር ቢያሳይ፣ የቀድሞው ግምት ሊጸና አይችልም፤ ያልተገዛ ዕቃ አይሸጥምና። ደረሰኙ ግን ሙሉ መሆን አለበት፤ ከፊሉን አቅርቦ ከፊሉን የሚደብቅ ነጋዴ የራሱን ማስረጃ ያፈርሳል። ሽያጩ በእርግጥ ከፍ ያለ ከሆነም ገማቹ ትክክል ነው፤ ደረጃን ማስተካከል የቸርነት ሥራ አይደለምና።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ሦስቱን ደረጃዎች ሁለት አድርጎ ድንበሩን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አኑሮታል። በዚህ ስሌት ከላይ የተነገረው ነጋዴ በሁለቱም ግምት ከደረጃ «ለ» አይወጣም። ቢሆንም የደረጃ «ለ» ግብር ከዓመቱ ሽያጭ ላይ፣ ሽያጩ ከፍ ባለ መጠን ልኩ እየጨመረ የሚታሰብ ስለሆነ፣ የገበያ ቀን ስሕተት በፊደል ባይታይም በብር ይታያል። ድንበሩ ቢዛወርም የግምቱ ጥንቃቄ አልቀረም።

በግምቱ የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት መንገድ በሕግ ተሠርቶለታል። ግለሰብ ነጋዴ የንግድ ትርፍ ግብሩን የሚከፍለው ለክልሉ ስለሆነ፣ ነጋዴው በክልሉ ሕግ የተቀመጠውን ቀን ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ይገባዋል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግን ቅሬታ የሚቀርበው የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ነው። በጽሑፉም ውሳኔው በምን እንደ ተሳሳተ፣ ምን እንዲታረምና ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ተለይቶ መገለጽ አለበት፤ ነጋዴው የማይከራከርበትንም ግብር አስቀድሞ መክፈል አለበት። «ግብሩ በዛብኝ» ብሎ ማመልከት ብቻ አይበቃም፤ «የገበያው ቀን 50 ሆኖ ሳለ 300 ተደርጎ ተቈጥሮብኛል» ማለት ግን ሊመረመር የሚችል ቃል ነው።

ብዙ ሰው የሚጐዳው በዚህ ቦታ ነው። ነጋዴው ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ እየተመላለሰ በቃል ሲለምን 21ዱ ቀን ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ እውነት ቢኖረውም ሰሚ ማግኘት ይቸግረዋል። በቅሬታው ውሳኔ ሳይረካ ቀርቶ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ቢሄድ ደግሞ፣ በዚያው የፌዴራል አዋጅ መሠረት የሚከራከርበትን ግብር ግማሽ አስቀድሞ ማስያዝ ይጠየቃል። ግምቱ ሦስት እጥፍ በተሳሳተበት ሰው ላይ የዚያ ግማሹ ራሱ ከእውነተኛው ዕዳው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ስሕተት መታረም ያለበት ከወረዳው ሳይወጣ ነው።

ለዚህም ከሹማምንቱ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ገማቹ በገበያ ቀንና ገበያ በሌለበት ቀን ሁለት ጊዜ ሱቁን ይይ፤ ሁለቱንም ለይቶ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በማስታወቂያው ላይ ድምሩ ብቻ ሳይሆን የዕለቱ ግምትና የተባዛበት የቀን ቍጥር ይገለጽ፤ ነጋዴው የትኛውን እንደሚቃወም ያውቅ ዘንድ። ሦስተኛ፣ በቃል አቤት የሚለውን ሰው መልሶ ከመስደድ ይልቅ ቃሉ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ቀኑ ተጽፎበት ማኅተም ይደረግበት፤ የሚመረምረውም ከገማቹ ሌላ ሰው ይሁን። የጮሌው ነጋዴ ከዚህ የሚያገኘው ቅናሽ አይደለም፤ የሸጠው በሸጠው ልክ ተቈጥሮ እንዲከፍል ብቻ ነው።