ወርቅ «ይወጣል» ያለው ማን ነው? የዓርቡን ሪፖርት ስናነበው

የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር «ትልልቆቹ እየገዙ ነው» የሚል ወሬ ይነዛል። እውነት ይሁን አይሁን ማጣራት የፈለገ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። የአሜሪካ የሸቀጦች ፊውቸር ግብይት ኮሚሽን በፊውቸር ገበያው ማን ምን ያህል ውል እንደያዘ ብዙውን ጊዜ በየዓርቡ በነጻ ያወጣል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ነው፤ አሜሪካኖቹ ክረምት ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 5፡30 ይሆናል።

ዓርብ ይውጣ እንጂ የሚያሳየው የማክሰኞን ውሎ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ውሳኔውን የሚያሳውቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ነው። ስለዚህ «ከውሳኔው በኋላ ፈንዶቹ ሸሹ» ብሎ በዚያው ሳምንት ሪፖርት የሚከራከር ሰው ሪፖርቱን አላነበበውም ማለት ነው።

የግምት ነጋዴዎችን ስሜት የሚያሳየው Managed Money የሚለው ክፍል ነው፤ የደንበኛ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ፈንዶች ያሉት እዚያ ነው። የማዕድን አምራቹ ገና ያላወጣውን ወርቅ በዛሬ ዋጋ ቢሸጥ ራሱን ከኪሳራ እየጠበቀ ነው እንጂ ዋጋው ይወድቃል ማለቱ አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የተጣራውን ቁጥር ብቻ ሲያዩ ነው። ለምሳሌ ፈንዶቹ ይወጣል ብለው 150 ሺህ፣ ይወርዳል ብለው 50 ሺህ ውል ያዙ እንበል፤ የአንዱ ውል መጠን 100 ትሮይ አውንስ ነው። የተጣራው 100 ሺህ ነው። በሳምንቱ 120 ሺህ ሆነ። አዲስ ገዢ መጥቶ 170 በ50 ሆኖ ይሆናል፤ ወይም ይወርዳል ያሉት 20 ሺህ ውል መልሰው ገዝተው 150 በ30። የመጀመሪያው አዲስ ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ግን የሸሸ ሰው ግዢ ስለሆነ፣ የሚሸሸው ሲያልቅ ግዢውም ያልቃል። ሁለቱን ዓምዶች ለየብቻ ካላዩ ይህ አይታይም።

በ2018 ክረምት የሆነውን እንይ። ፈንዶቹ በብዛት «ይወርዳል» ወደሚለው ጎን አጋደሉ፤ የተጣራው ቁጥር ከዜሮ በታች ወረደ። ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ወርቅ ወደ 1,160 ዶላር ወርዶ ነበር። ሁሉም ከሸጠ የሚቀረው ሻጭ ጥቂት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ቢነሳ የሸጡት ለመመለስ ይሻማሉ። ይሁን እንጂ ያን ቁጥር አይቶ በማግስቱ ዕድገት የጠበቀ ሰው ሳምንታት ሙሉ ወርቅ 1,200 ዶላር አካባቢ ሲንከላወስ ነው ያየው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በአንድ ቀን ዘለለ፤ በ2019 የካቲት ከ1,340 አለፈ። ሪፖርቱ ገበያው ወደ አንድ ጎን መጨናነቁን ይናገራል፤ መቼ እንደሚፈነዳ ግን አይናገርም።

ሌላም የማያየው ነገር አለ። ከ2022 እስከ 2024 ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ ገዝተዋል። ግዢያቸው በዋናነት ጥሬ ወርቅ ስለሆነ በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ፈንዶቹ ቀዝቅዘው ዋጋው ሲወጣ ያየ ሰው ሪፖርቱን «ውሸት ነው» ከማለቱ በፊት ገዢው ሌላ ቦታ መሆኑን ይጠርጥር።