«ኖርማል ነው» የሚለው ወረቀት ሲያሳስት

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ሆስፒታል ተኝቶ ከሚታከም ሰው በየቀኑ ደም ይቀዳል። ውጤቱ በየቀኑ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ይመጣል። አስታማሚው ወረቀቶቹን በፌስታል ያጠራቅማል። ተረኛው ሐኪም የዛሬዋን ብቻ ያያል፣ ቀስት ያለባትን ቁጥር ይፈልጋል፣ ከሌለች «ኖርማል ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ የምለው ይሄ አሠራር መቅረት አለበት ነው። የስድስት ቀን ምርመራ ስድስት ወረቀት ሳይሆን አንድ ሰንጠረዥ መሆን አለበት።

በጨበጣ እንዳላወራ አንድ ሰው ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የቅርብ ዘመዳችን የሆኑ ቀጭን፣ በዕድሜ የገፉ እናት በኢንፌክሽን ምክንያት ተኝተው ጄንታማይሲን በመርፌ ይሰጣቸው ነበር። ይህ መድኃኒት ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ክሬቲኒን የሚባለው ምርመራ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። ከፌስታሉ የወጡት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲጻፉ እንዲህ ሆኑ። በቅንፍ ያለው ላቦራቶሪው ጤነኛ የሚለው ክልል ነው፣ ቀስቶቹም ማሽኑ ያተማቸው ናቸው።

ቀን፦ 1 | 2 | 3 | 4 | 5 | 6
ክሬቲኒን (0.5–1.1)፦ 0.6 | 0.6 | 0.7 | 0.9 | 1.1 | 1.4↑
ፖታሲየም (3.5–5.1)፦ 4.0 | 4.1 | 4.1 | 4.5 | 4.8 | 5.3↑
ኤምሲኤች (27–32)፦ 26.8↓ | 26.9↓ | 26.7↓ | 26.8↓ | 26.8↓ | 26.7↓

እስቲ መጀመሪያ ቀስቶቹን ብቻ ተከተሉ። አምስት ቀን ሙሉ የጮኸችው ኤምሲኤች ናት። እሷ በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን የሂሞግሎቢን መጠን ትለካለች። ከክልሉ በጥቂት ነጥብ ዝቅ ብላ ስድስቱንም ቀን እዚያው ቆማለች። በዚያ ሳምንት ለሕይወት የምታሰጋ ነገር አልነበረችም። ቤተሰቡ ግን የጠየቀው ስለ እሷ ነበር፤ ቀስት ያለባት እሷ ብቻ ነበረቻ!

አሁን ደግሞ ቀስቱን ተዉና የክሬቲኒንን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ። 0.6 ተነስቶ 1.1 ደረሰ፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወረቀቱ ግን ዝም አለ፤ ምክንያቱም 1.1 አሁንም «ክልሉ ውስጥ» ነው። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ ነው። ጡንቻቸው ለሳሳ እናት 0.6 የራሳቸው ልክ ነው፤ ለአንድ ጎረምሳ ምንም የማይለው 1.1 ለእሳቸው አደጋ ነው። ይሄን የምለው ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው፣ ክሬቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም በሰባት ቀን ውስጥ ከመነሻው 1.5 እጥፍ ከደረሰ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው። እኚህ እናት ሁለቱንም መስፈርት ያሟሉት በአራተኛው ቀን ነው። ቀስቷ የታተመችው በስድስተኛው። በመካከሉ መድኃኒቱ ቀጥሏል። መርፌው የቆመው ቀስቷ ከመጣች በኋላ ነው፤ ኩላሊታቸው ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ፈጀበት።

ማሽኑ ዋሽቷል ወይ? አልዋሸም። ሥራው ያቺን ቀን ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ጋር ማወዳደር ነው። ሰውየውን ከትናንቱ ጋር አያወዳድርም። ሒሳብ የተማራችሁ ደግሞ ይሄን አስቡት። ክልሉ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከጤነኞች መሃል ያሉትን 95 በመቶ ወስዶ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ያደረገ ፍጹም ጤነኛ ሰው ሁሉም ከክልሉ ውስጥ የመሆን ዕድሉ 0.95 ሃያ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ 0.36 ገደማ። ከመቶ ጤነኞች 64ቱ ቢያንስ አንድ ቀስት ይዘው ይወጣሉ ማለት ነው። ቀስት ያለ ነገር ትጮሃለች፣ መጮህ ሲገባትም ዝም ትላለች። ብቻዋን አትበቃም።

«ሠራተኛ የለም፣ ጊዜ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አልቀበለውም። የምጥ መከታተያው ፓርቶግራፍ ምንድን ነው? የማህፀን በር መከፈት በሰዓት እየተመዘገበ፣ መስመሩ ከማስጠንቀቂያው መስመር ሲያልፍ እርምጃ የሚወሰድበት ወረቀት ነው። የሕፃናት የክብደት መከታተያ ካርድስ? ጤና ባለሙያዎቻችን አካሄድን ማንበብ ያውቁበታል። ሙቀትና የደም ግፊት በየአልጋው በአንድ ቅጽ ላይ በተከታታይ ይመዘገባል። በገንዘብ የተገዛው የደም ውጤት በምን ዕዳው ነው ፌስታል ውስጥ የሚቀረው? በቀን አንድ ዓምድ መሙላት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሰንጠረዡ ግን በጥንቃቄ ካልተሠራ እሱም ያሳስታል። ሦስት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛ፣ ቀንና ሰዓት። ማሽኑ በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያትማል፤ በእጅ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በእኛ ነው። የጠዋት 2 ሰዓት ደም ማሽኑ ላይ 08:00 ነው። አንዱን ሳትመርጡ ከደባለቃችሁ የጠዋቱ ከሌሊቱ ይቀድማል፣ አካሄዱም ይገለበጣል። የሚጻፈው ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ነው እንጂ ውጤቱ የወጣበት አይደለም።

ሁለተኛ፣ መለኪያው። አንድ ቀን ሪኤጀንት አልቆ ውጭ ላቦራቶሪ ብትላኩ፣ 0.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር የነበረው 80 ማይክሮሞል በሊትር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያው ነው፤ በ88.4 መባዛቱ ብቻ ነው። መለኪያውን ሳትቀይሩ በአንድ ረድፍ አታስገቡት። የሌላ ላቦራቶሪ ውጤት ከሆነም ከጎኑ ምልክት አድርጉበት፤ በመሣሪያ ልዩነት ብቻ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ምርመራው ያልተሠራበት ቀን ባዶ ይሁን፤ ዜሮ ወይም የትናንቱ ቁጥር አይጻፍበት።

ሦስተኛ፣ ሁለት ዓይነት ምልክት ይኑር። ከክልሉ ለወጣ ቀስት፣ ከሰውየው መነሻ ብዙ ለራቀ ሦስት ማዕዘን። በላይኛው ሰንጠረዥ ክሬቲኒን በ4ኛው ቀን 0.9▲ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ከ0.6 ወደ 0.7 ሲሄድ አትጩሁ፤ ያን ያህል የመለኪያው መወዛወዝም ያመጣዋል። የሚያሳስበው በተከታታይ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ፣ ይልቁንም እንደ ፖታሲየሙ ሌላ ረድፍ አብሮ ሲወጣ ነው።

«ሕመምተኛውን ታስጨንቁታላችሁ» ለሚሉኝ፦ ትርጉም የሌላት ቀስት አምስት ቀን ከማስጨነቋ ይልቅ ትርጉም ያለው ረድፍ አንድ ቀን ቢያስጨንቅ ይሻላል። ሰንጠረዥ ግን ሐኪም አይደለም። ምክንያቱን አይነግራችሁም፤ ውሃ ማነስ ይሁን መድኃኒት ይሁን ሽንት መታገድ የሚለየው ባለሙያው ነው። በራሳችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ! ወረቀቱን ይዛችሁ በትሕትና «ዶክተር፣ ሲገቡ 0.6 ነበር፣ ዛሬ 0.9 ሆኗል፣ ለምንድን ነው?» በሉ። «ኖርማል ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይሄኛው መልስ ያስገኛል።

የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ «አይቻልም» የምትሉ።